«ማንጎ እወዳለሁ» እና «እህት አለችኝ»፦ ልጄን ስፓኒሽ ሳስጠና ያየሁት

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው። ሰፈር ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወት ኦሮምኛውን ታቀላጥፈዋለች። እንግሊዝኛ ከታች ክፍል ጀምሮ ትማራለች። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ጨመረ። ጅማ ውስጥ ስፓኒሽ ምን ይሠራል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ትምህርቱ ግን ውጤት አለው፣ ካርድ ላይም ይመዘገባል። ስለዚህ ማስጠናት ግድ ሆነ።

ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነው። ስፓኒሽ አልችልም ነበር፤ አሁንም የምችለው ልጄ የደረሰችበትን ያህል ብቻ ነው። የረዳኝ አንድ ጎረቤት አለ። በ1970ዎቹ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ተልከው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ትምህርት ቤታቸው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነበር። ሰፈሩ «ኩባው» ይላቸዋል፣ ልጄ «ጋሼ» ትላቸዋለች። እሳቸው ሰዋስው አይወዱም። «እንዲህ ነው የሚባለው፣ በቃ» ይላሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚባል መፈለግ የእኔ ድርሻ ሆነ።

የነገሩ መነሻ አንድ የቤት ሥራ ነው። ልጄ ስለ ራሷ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጽፋ ነበር። መምህሯ በቀይ ሰርዘው ትክክለኛውን ከላይ ጽፈውበት ተመለሰ። ስፓኒሹን በፊደላችን ላስቀምጠው። ስለ ማንጎ «ዮ ጉስቶ ኤል ማንጎ» ብላለች፤ መሆን ያለበት «ሜ ጉስታ ኤል ማንጎ» ነው። ስለ እህቷ «ሜ ቴንጎ ኡና ኤርማና» ብላለች፤ ትክክሉ «ቴንጎ ኡና ኤርማና» ነው። ሲርባት ምን እንደምትል ደግሞ «ሜ አምብሬ» ብላ ጽፋለች፤ የሚባለው «ቴንጎ አምብሬ» ነው።

በመጀመሪያ ሳየው ዝም ብሎ መዘባረቅ መሰለኝ። «ሜ» የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ትታዋለች፣ የማያስፈልግበት ቦታ ላይ ጨምራዋለች። አማርኛውን ጎን ለጎን ስጽፈው ግን ስህተቱ ሥርዓት እንዳለው ገባኝ። ልጅቷ አማርኛውን አንድም ሳትስት ነው የገለበጠችው።

እዩት። «ማንጎ እወዳለሁ» ስንል የግሱ ባለቤት እኔ ነኝ። ማንጎው ተሳቢ ነው። «እህት አለችኝ» ስንል ደግሞ ባለቤቷ እህት ናት። ለዚህም ነው ግሱ ከእሷ ጋር የሚሄደው፦ ወንድም አለኝ፣ እህት አለችኝ፣ ወንድሞች አሉኝ። እኔ እዚያ ውስጥ ያለሁት በ«ኝ» ብቻ ነው። ስፓኒሽ ሁለቱን አቀያይሯቸዋል። «አለኝ» ለማለት ባለቤቱ እኔ እሆናለሁ፤ ቴንጎ፣ ቲዬኔስ፣ ቲዬኔ እያለ በባለቤቱ ይረባል። «እወዳለሁ» በምንልበት ቦታ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ማንጎው ነው፣ እኔ «ሜ» ሆኜ እቀራለሁ። «ሜ» ማለት የእኛ «ኝ» ናት። «ዳሜ አጉዋ» ሲሉ «ውሃ ስጠኝ» ማለታቸው ነው፤ «ዳ» ስጥ፣ «ሜ» ኝ። ልጄ ይህን ስነግራት በጣም ደስ አላት፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ «ዳሜ» ሆኖ ሰነበተ።

ስለዚህ «አለችኝ» ውስጥ «ኝ» ስትሰማ «ሜ» ጨመረች፤ «ራበኝ» ውስጥም እንዲሁ። «እወዳለሁ» ውስጥ «ኝ» ስለሌለ «ሜ»ን ተወችው፣ በቦታው «ዮ» ማለትም «እኔ»ን አስገባች፣ ግሱንም በእኔ አረባችው። ስህተቱ ከስንፍና አልመጣም። ስለዚህ «ደግመሽ አጥኚ» ቢሏት የሚለወጥ ነገር የለም።

ይህን ከማለቴ በፊት ግን አንድ ማጣሪያ ሠርቻለሁ፣ እናንተም አድርጉት። ልጁ የግሱን እርባታ ጭራሽ ካላወቀ ችግሩ ሌላ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ባለቤቱ አንድ የሆነበትን ግስ ስጡት። «ዳቦ እበላለሁ» በስፓኒሽ «ኮሞ ፓን» ነው፤ የሚበላው እኔ ነኝ፣ መቀያየር የለም። ልጄ ይህን፣ «እጽፋለሁ»ንና «እጠጣለሁ»ን አንድ ባንድ በትክክል ተናገረች። የምትስተው መውደድ፣ መኖርና መራብ ላይ ብቻ ነበር። ይህ ከሆነ ጉዳዩ ሁለቱ ሰዋስዎች የሚጋጩበት ቦታ ነው። «ኮሞ»ንም ከሳተ ግን መጀመሪያ እርባታውን ያጥና።

አንዳንድ ወላጆች የሚያስጨንቃቸው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን፣ እነሱ መሃል። ልጄም መጀመሪያ አካባቢ «ፓን ኮሞ» ትል ነበር። እኔ ግን እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም። ቅደም ተከተሉን ልጁ በሚሰማው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ውስጥ ስለሚያገኘው ብዙም ሳይቆይ በራሱ ይስተካከላል። የባለቤቱ ጉዳይ ግን ዝም ከተባለ አብሮ ያድጋል።

መጀመሪያ ያደረግኩት የቃላት ዝርዝሯን ማረም ነው። ደብተሯ ላይ «ጉስታር» ከሚለው ግስ አጠገብ «መውደድ» ተብሎ ተጽፏል። የእንግሊዝኛው ፍቺም አጠገቡ አለ፤ እሱም ባለቤቱን «እኔ» ያደርገዋል። ሁለቱም ልጅቷን ወደ «ዮ ጉስቶ» ነው የሚገፏት። እኛ ግን አማርኛ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አለን፦ ደስ ይለኛል። «ማንጎ ደስ ይለኛል» ስንል ደስ የሚለው ማንጎው ነው፣ እኔ «ኝ» ነኝ። ልክ እንደ ስፓኒሹ። «መውደድ»ን ሰርዤ «ደስ ማለት» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ በኋላ «ሜ ጉስታ» ማለት ሁልጊዜ «ደስ ይለኛል» ሆነ። «ቴ ጉስታ ኤል ካፌ?» ማለት «ቡና ደስ ይልሻል?» ነው። «ሌ ጉስታ» ደግሞ «ደስ ይለዋል» ወይም «ደስ ይላታል»፤ «ሌ» ወንድና ሴት አይለይም። «እወዳለሁ» የሚለውን ቃል ለ«ኪዬሮ» አስቀመጥኩት፤ እናቷን «ቴ ኪዬሮ» ስትል «እወድሻለሁ» ማለቷ ነው፣ እዚያ ባለቤቷ እሷው ናት።

ቀጥሎ «ቴንጎ» መጣ። «አለኝ» ተብሎ እስከተጻፈ ድረስ «ሜ» ሾልኮ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ «ይዣለሁ» አልነው። «ቴንጎ ኡን ሊብሮ»፣ «መጽሐፍ ይዣለሁ»። ይህ ያለችግር ይሄዳል። «እህት ይዣለሁ» ሲሆን ግን ልጄ በሳቅ ፈነዳች። «ረሃብ ይዣለሁ» ሲባል ደግሞ የባሰ ሳቀች። ሳቁ ጠቀመን፤ ያሳቃት ነገር ከአእምሮዋ አልወጣም። አሁን ሲርባት በአማርኛ «ራበኝ» ነው የምትለው፤ በስፓኒሽ ልትናገር ስትል ግን ፈገግ ትልና «ቴንጎ አምብሬ» ትላለች። እዚህ ላይ እንግሊዝኛውም ያግዛል፤ ቢያንስ ለእህቷ «እኔ»ን ባለቤት አድርጎ ነው የሚናገረው።

ከረሃብ ጋር አብረው የሚሄዱ አሉ። በአንድ ላይ ቢያዙ ይሻላል፣ ምክንያቱም አማርኛችን ሁሉንም ማለት ይቻላል በ«ኝ» ነው የሚላቸው። ጠማኝ «ቴንጎ ሴድ» ነው። በረደኝ «ቴንጎ ፍሪዮ»፤ ክረምት ላይ ጅማ ይህን ለመለማመድ ምቹ ናት፣ ዝናቡ ስለማያባራ በቀን ብዙ ጊዜ ትለዋለች። ሞቀኝ «ቴንጎ ካሎር»፣ እንቅልፌ መጣ «ቴንጎ ሱዌኞ»፣ ፈራሁ «ቴንጎ ሚዬዶ»። ዕድሜም እዚሁ ነው የሚገባው። እኛ «ዘጠኝ ዓመቴ ነው» እንላለን፣ እነሱ «ዘጠኝ ዓመት ይዣለሁ» ይላሉ፦ «ቴንጎ ኑዌቤ አኞስ»።

አሁን ወደ ልምምዱ ልምጣ። ማታ ማታ ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ ያህል እንቀመጣለን። ጠረጴዛው ላይ አንድ ማንጎና አንድ ደብተር አለ። እኔ የምናገረው አማርኛ ብቻ ነው። እሷ ስፓኒሹን ከመናገሯ በፊት የግሱን ባለቤት በጣቷ ታሳያለች። «ማንጎ ደስ ይለኛል» ስል ጣቷን ማንጎው ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ «ሜ ጉስታ ኤል ማንጎ»። «ደብተር ይዣለሁ» ስል ጣቷን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ «ቴንጎ ኡን ኩዋዴርኖ»። ጣቷ ሲሳሳት አፏም ይሳሳታል፤ ጣቷ ልክ ከሆነ አፏ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ስለዚህ የማርመው ጣቷን ነው። «አይደለም፣ ሜ አትበይ» ከማለት «ማነው ደስ የሚለው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ይህን ሳትጠየቅ ራሷን መጠየቅ ስትጀምር ጣቱን መተው ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። «ቴንጎ»ንና «ጉስታ»ን በአንድ ቀን አትጀምሯቸው። እኛ «ቴንጎ»ን አስቀደምን፣ ምክንያቱም በየዓረፍተ ነገሩ ይመጣል። እሱ ሲደላደል «ጉስታ»ን ጨመርን። ወዲያው ለጊዜው ጠፍቶ የነበረው «ሜ ቴንጎ» ተመልሶ መጣ። ይህ የሚጠበቅ ነው። አዲስ የገባው «ሜ» አሮጌው ግስ ላይ ይለጠፋል። ወደ «ቴንጎ» ጥቂት ቀን ተመልሰን ከከለስን በኋላ ለቀቀ።

የጠረጴዛው ልምምድ የማይሸፍነው ነገር አለ፣ እሱም ብዙ ቁጥር ነው። ማንጎው ሁለት ሲሆን ስፓኒሽ ግሱን ያበዛዋል፦ «ሜ ጉስታን ሎስ ማንጎስ»። አማርኛ ግን ለዕቃ ሲሆን ብዙም ግድ የለውም። «ሦስት ደብተር አለኝ» እንላለን፣ «አሉኝ» የሚል ካለም ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጄ «ሜ ጉስታ ሎስ ማንጎስ» ማለቷን ቀጠለች። አማርኛችን ብዙ ቁጥርን በደንብ የሚያከብረው ለሰው ነው፦ «ልጆቹ ደስ ይሉኛል»። ስለዚህ ምሳሌውን ከሰው ወሰድኩ። «ይለኛል» ወደ «ይሉኛል» እንደሚለወጥ «ጉስታ»ም ወደ «ጉስታን» ይለወጣል አልኳት። ገባት። ስፓኒሹን ግን በዕቃ ነው የምንለማመደው። ጋሼ እንዳሉኝ ስለ አንድ ሰው «ሜ ጉስታ» ማለት ብዙ ጊዜ ልብ ለልብ የመፈላለግ ወሬ ይመስላል። አንዲት ሕፃን ክፍል ውስጥ ተነስታ ስለ መምህሯ እንዲህ ብትል ሳቅ ነው የሚሆነው። ለሰው «ኪዬሮ» አለ።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይህኛው ከአማርኛም ከስፓኒሽም ተደርቦ የመጣ ነው። አንድ ቀን «ሜ ጉስቶ ኤል ፓን» አለች። «ሜ» በቦታው አለ፣ ባለቤቱም ዳቦው ነው። ታዲያ ለምን «ጉስቶ»? ስጠይቃት «ዳቦ ወንድ ነዋ» አለችኝ። ስፓኒሽ ስሞችን ወንድና ሴት እንደሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜም ወንዱ በ«ኦ» ሴቷ በ«ኣ» እንደሚያልቁ ተምራለች። እኔ ደግሞ «ደስ ይለኛል፣ ደስ ትለኛለች» እያልኩ ግሱ በጾታ እንደሚለወጥ አሳይቻታለሁ። ሁለቱን ስታጋጥም ወተት «ሜ ጉስታ»፣ ዳቦ «ሜ ጉስቶ» ሆነ። የስፓኒሽ ግስ በጾታ አይለወጥም። ቅጽሉ ነው የሚለወጠው። «ጉስታ» መጨረሻ ላይ ያለው «ኣ» ሴት ማለት አይደለም። ልጃችሁ ይህን ስህተት ይሥራ አይሥራ ለማወቅ በወንዴ ስም ፈትኑት። በ«ላ ሌቼ» ከፈተናችሁት ስህተቱ ይደበቃል፣ ትክክል የተናገረ ይመስላችኋል።

የሕመም ነገር ትንሽ ይለያል። «ራሴን ያመኛል» ስንል ራስ ላይ «ን» አለች፣ ስለዚህ ራሴ ባለቤት አይደለም። ዓይኖቼንም ቢሆን፣ እግሮቼንም ቢሆን «ያመኛል» አይለወጥም። ስፓኒሽ ግን ራስን ባለቤት ያደርገዋል፦ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ»። ዓይኖች ሲሆኑ «ሜ ዱዌሌን ሎስ ኦሆስ»። እዚህ ላይ ከ«ደስ ይለኛል» ጎራ ጋር አብረው እንደሚሄዱ ነግሬያት አለፍኩ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሜ አርሜያለሁ፤ «ራሴን» ስለምንል «ሚ ካቤሳ» ትላለች። እነሱ «የእኔ» አይሉም፤ «ሜ» ስላለ የማን ራስ እንደሆነ ይታወቃል።

የሰፈር ሰው «ቤት ውስጥ አማርኛውን ቀንሱላት፣ ያምታታታል» ይላል። እኔ ተቃራኒውን ነው ያየሁት። በአማርኛዋ ላይ የደረሰ ነገር የለም። «ረሃብ ይዣለሁ» የምትለው ለጨዋታ ነው፣ ሲርባት «እማ፣ ራበኝ» ብላ ነው የምትጮኸው። ጋሼ ይህን ወሬ ሲሰሙ «አማርኛውን ብንቀንስባት ደስ ይለኛልን ከየት ልታመጣው ነው?» አሉ። ሰዋስው የማይወዱት ሰውዬ!

አሁን የቀረን አንድ ስህተት አለ፣ እሱም ያመጣሁት ዘዴ የወለደው ነው። እኛ «እኔ ማንጎ ደስ ይለኛል» ማለት እንችላለን። «እኔ» ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ ባለቤት ሳትሆን። ልጄም «ዮ ሜ ጉስታ ኤል ማንጎ» ትላለች። ስፓኒሽ ይህን አይቀበልም። ራስን ለይቶ ለመጥቀስ «ኣ ሚ ሜ ጉስታ» ይባላል። መድኃኒቱን አሁንም ከአማርኛ ነው ያገኘሁት። «እኔን ማንጎ ደስ ይለኛል» ብንልም ያስኬዳል፤ ያቺ «ን» እዚህ ጋ «ኣ»ን ትተካለች። «እህቴን ወተት ደስ ይላታል» ስላት «ኣ ሚ ኤርማና ሌ ጉስታ ላ ሌቼ» ትላለች። ግን «ን» ባየች ቁጥር «ኣ» እንዳታስገባ እፈራለሁ። «መጽሐፉን አያለሁ» ስንል «ን» አለ፤ በስፓኒሽ ግን «ቤዮ ኤል ሊብሮ» ነው፣ «ኣ» የለበትም። «እናቴን አያለሁ» ሲሆን ግን «ቤዮ ኣ ሚ ማድሬ»፣ ሰው ስለሆነች። ስለዚህ ለጊዜው «እኔን» የሚለውን ከ«ደስ ይለኛል»ና ከ«ያመኛል» ጋር ብቻ ነው የምጠቀመው። የ«አያለሁ»ን ጉዳይ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አቆይቼዋለሁ።